አሚን የጠፋበት ዱዓ

ድሬዳዋ ውስጥ ሠርግ የሚቀረጸው በሁለት መንገድ ነው፤ በእኛ ካሜራና በዘመድ ስልክ። ካሜራው ሙሽሮቹን ሲያሳድድ ይውላል፣ ስልኩ ግን ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ስለዚህ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሰው ሲናፍቀው የሚኖረው ድምፅ የሚገኘው ስልኩ ላይ ነው፤ ከጄኔሬተር፣ ከባጃጅ ጡሩምባና ከእልልታ ጋር ተለውሶ። እኔ ከዚራ ሰፈር ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ቪዲዮ የማቀናብር ሴት ነኝ፤ እንዲህ የተለወሰ ድምፅ ሲመጣ ወደ እኔ ይገፋል። ትዕግሥተኛ ነኝ አልልም። ጆሮ ማዳመጫዬን የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ባልደረቦቼ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ከታናሽ ልጃቸው ጋር መጡ። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በትልቋ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከሰፈሩ መሃል በተጣለው ዳስ ውስጥ ቆመው ዱዓ አድርገው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አሁን ታናሺቱ በሳምንቱ መጨረሻ ልታገባ ነው። በዚያ ዱዓ ላይ አባትየው «ይቺንም፣ ተከታይዋንም» ብለው ሁለቱንም መርቀዋል።

«የአባቷን ዱዓ ሳትሰማ ከቤቴ አትወጣም» አሉኝ እናትየው። «ይሄው ስልኩ ላይ አለ። ግን ምኑም አይሰማም አቦ! አንቺ አውጪልኝ።»

ልጅቷ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ አልፈለገም» አለችኝ። «ከስልክ የሚወጣ ዱዓ ዱዓ አይደለም፣ ሙሽራ ማስለቀሻ ነው ይላል። በሆዮ፣ በእናቴ ልመና ነው አንዴ እሰማዋለሁ ያለው። ካልጣመው ያስቆመዋል።»

በቴሌግራም ሊልኩልኝ ሲሉ ከለከልኳቸው። እየተላከ የተጨመቀ ድምፅ ከነቆሻሻው ይደርቃል፤ የተቀዳበትን ስልክ ራሱን አምጡ አልኩ። ስልኩ መጣ። ዋናውን ቅጂ ሳልነካ አስቀምጬ፣ በሌላ ግልባጭ ላይ መሥራት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ሰማሁት። ስልኩን የያዘችው ልጅ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ቆማ ኖሯል። ከሥር ያለውን የሞተር ጉርምርምታና ማይኩን የመታውን ንፋስ በሙሉ ቆረጥኩት፤ የሰው ንግግር እዚያ ድረስ አይወርድም። ቀጥሎ ማንም የማይናገርበት፣ ከሞተሩ የቀረው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ትንሽ ቦታ ፈለግኩ። ያንን ለፕሮግራሙ «ጫጫታው ይሄ ነው» ብዬ አስጠናሁትና ከጠቅላላው ላይ በጥቂቱ እንዲቀንስልኝ አደረግኩ። በጥቂቱ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ስግብግብ ከሆኑ ሰውዬው ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ከበሮና ጡሩምባ ግን እንደ ሞተር አንድ ወጥ አይደሉም፣ ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የድምፁን ምስል እያየሁ አንድ በአንድ በእጅ ለቀምኳቸው።

እየለቀምኩ የሽማግሌው አባት ድምፅ ብቅ አለ። እኔም ያደግኩት እዚሁ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ለገሃር ነው፤ አባቴም የባቡር ሰው ነበር። ያ ድምፅ ማታ ማታ ወንበር ደጅ አውጥተው ዛፍ ሥር የሚቀመጡት ሰዎች ድምፅ ነው። በአማርኛ ይጀምሩና ነገሩ ሲጠነክር ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ፣ ሲያምራቸው በሶማሊኛ ይዘጋሉ፤ ማን የማን ቋንቋ ተናጋሪ እንደሆነ እኛ ልጆቹ ጠይቀን አናውቅም ነበር። እንደዚያ የሚናገር ሰው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ባቡሩ ናፈቀኝ፣ አባቴ ናፈቀኝ። ሥራዬን ትቼ ደጋግሜ ሰማኋቸው።

አንድ ችግር ቀረኝ። እሳቸው አንድ ነገር ባሉ ቁጥር ዳሱ በሙሉ «አሚን!» ይላል። ስልክ ደግሞ ጩኸት ሲመጣበት በራሱ ድምፅ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ አሚን ቀጥሎ የሽማግሌው የመጀመሪያ ቃል ተውጦ ይቀራል። የተዋጡትን ቃላት ከፍ ከፍ አደረግኩ። አሚኖቹን ግን አጠፋኋቸው። በዓረፍተ ነገሮቹ መሃል ስለሚገቡ ለመቁረጥ የቀለሉ ነበሩ፤ በቦታቸው ባዶነቱ እንዳይታወቅ የዳሱን ስስ እስትንፋስ አለበስኩበት። ሽማግሌው ብቻቸውን ጥርት ብለው ቀሩ። በሥራዬ ኮራሁ።

እናትየው ከልጃቸው ጋር መጡ። ማዳመጫዬን ራሴ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው፣ ይህን ለማንም አላደርግም። የባላቸው ድምፅ ሲጀምር ዓይናቸው ሞላ፣ ሁለት መዳፋቸውንም ዘረጉ። «አሚን!» አሉ ጮክ ብለው፤ ፎቶ ሊነሱ የመጡት ሁሉ ዘወር አሉ። እንደገና «አሚን» አሉ፣ ዝግ ብለው። ከዚያ እጃቸውን አጠፉና ማዳመጫውን አወለቁት።

«ሰው የለም እንዴ?»

«ከጫጫታው አውጪልኝ አላልሽም?» አልኳቸው። በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አያስኬድም፤ ደግሞም ተናድጄ ነበር።

«ጫጫታውማ ሞተሩ ነው። አሚን ጫጫታ ነው? እሱ ተናገረ፣ እነሱ ተቀበሉት፤ ዱዓ ማለት ይሄ ነው። አሁን እኮ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን አስቀመጥሽብኝ!» አለቀሱ። ልጅቷም «አጎቴ ይሄን ቢሰማ ወዲያው ነው የሚያስቆመው» አለች።

ሲያንሾካሹኩ እንኳ የሚሰማኝ እኔ፣ ያን ሁሉ ሰው አልሰማሁትም ነበር። ዳስ ሥር አድጌ፣ ለዱዓም ለምርቃትም ስቀበል ኖሬ፣ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ መቀበል የሚባል ነገር ከራሴ ጠፍቷል።

ወደ ዋናው ቅጂ ተመለስኩ። አሚኖቹን አንድ በአንድ አምጥቼ፣ ከሥራቸው ሞተሩን ብቻ አውጥቼ በየቦታቸው መለስኳቸው። ስልኩ አጠገብ ቆሞ የጮኸ አንድ ሰው ድምፁ ተሰባብሯል፤ እንዲያ የተሰበረ ድምፅ ተመልሶ አይጠገንም፣ ስለዚህ እሱን ዝቅ አድርጌ ተውኩት። በዚህን ጊዜ ነው በደንብ የሰማሁት። ፊት ያሉት «አሚን» ሲሉ ከኋላ «አሜን» የሚሉ አሉ። የክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው፤ የአባቴ ዓይነት ሰዎች። ሁለቱ ተደርበው አንድ ላይ ይወጣሉ። ልጅ ሳለሁ ሠርግ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሰማው፣ እኔም ይህንኑ ነበር በእጄ ለቅሜ የጣልኩት።

የሠርጉ ቀን ድምፅ ማጉያውን ራሴ ሄጄ አስተካከልኩ። ዳሱ የተጣለው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። አጎትየው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፊታቸው የተቋጠረ። እናትየው አዩኝ፤ ከፈትኩት።

«ያ ረቢ፣ ይቺንም፣ ተከታይዋንም…»

ድምፅ ማጉያው «አሚን!» አለ፤ ዳሱም አብሮ «አሚን!» አለ። ማንም ጠብቁ፣ በሉ ያላቸው የለም። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ትንሽ ቆም አሉ፣ ሰዉ እስኪጨርስ የጠበቁት እስኪመስል ድረስ፣ ከዚያ ቀጠሉ። ወደ ኦሮምኛ ሲሻገሩ የአጎትየው መዳፍ ከጉልበታቸው ተነሣ። በሶማሊኛ ሲዘጉ አጎትየውም ከሁሉም በላይ ጮኸው ተቀበሉ፣ ፊታቸውንም በሁለት እጃቸው አበሱ።

ቀጥሎ ዱዓ ማድረግ የእሳቸው ተራ ነበር። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቃቸው። እሳቸው ወደ ሙሽራዋ ዞሩና፣

«ታላቄ ዱዓውን ጨርሶታል» አሉ። «በሉ፣ ልጅቷን አስነሷት።»

እኔ ሽቦ ልጠቀልል ጎንበስ ስል መዳፌ ገና እንደተዘረጋ ነበር።