አሥራ ሦስት ፍሬም

ሱሪዬን ላሳጥር የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር ነው። «16፣ 3፣ 22» ይላል። ከሥሩ ተሰምሮበት «ከተመከተ −13» የሚል አለ። የደንበኛ ልክ መሰለኝ። ወገቡ ሦስት የሆነ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ይሆን እያልኩ ስገረም ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«የሰው ልክ አይደለም» አለች። «የእግር ጥረጋ ልክ ነው።»

አርባ ዓመትን ገና ያለፈች ሴት ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች። ከስፌት ክፍሉ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ቴሌቪዥን፣ የጌም ማጫወቻ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ረጅም መከዳ አለ። ሁለት ገጸ ባሕርያት የሚደባደቡበት ጌም ትጫወታለች። እሷ ሁልጊዜ ባለ ቀይ ቀሚሷን ተደባዳቢ ትመርጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ራሰ በራውን።

ስላልገባኝ ቁራጭ ጨርቅ ከመኪናው መርፌ ሥር አደረገችና መዘውሩን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«መርፌው ጨርቁ ጋ እስኪደርስ፣ ይኼ መነሻ ነው። ጨርቁ ውስጥ ያለበት፣ መምቻ። ተመልሶ እስኪወጣ፣ መመለሻ። እየተመለሰ ሳለ ሌላ ቦታ ውጋ ብትለው እሺ አይልህም። ጌሙም እንዲሁ ነው። አንዷን ሰከንድ ስልሳ ቦታ ቆርጠህ አስብ፤ አንዷ ቁራጭ ፍሬም ትባላለች። የኔ ጥረጋ፣ ጎንበስ ብዬ በእግሬ እግሩን የምጠርግበት ምት፣ አሥራ ስድስት ፍሬም ይነሣል፣ ሦስት ይመታል፣ ሃያ ሁለት ይመለሳል።»

«አሥራ ሦስቱስ?»

«ወንድሜ ከመከተኝ ከኔ አሥራ ሦስት ፍሬም ቀድሞ ነፃ ይወጣል። ፈጣኑ ቡጢው በአሥር ይደርሳል። እኔ ገና እግሬን ሳልሰበስብ ይመታኛል ማለት ነው። መከላከያ እንኳ የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ትጠርጊያለሽ፣ እትዬ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስለማይመታኝ» አለች።

የቀረውን ታሪክ ሱሪዬን እየተኮሰች ነገረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት እናታቸው ስትሞት እሷ አፏን ዘግታ ተቀመጠች፤ ደንበኛ እንኳ በምልክት ነበር የምታናግረው። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ወንድሟ አንድ ቅዳሜ ጌሙን በካርቶን ተሸክሞ መጣ፤ ጥረጋዋን አሳያትና «ይቺን ቁልፍ ብቻ ተጫኚ» አላት። ተጫነች፤ አሸነፈችው፤ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የሁለቱ ሆነ። አሥር ቢጫወቱ ሰባት ስምንቱን እሷ ትወስዳለች። ችሎታዬ ነው ብላ ታምን ነበር።

ባለፈው ወር ግን ለወንድሟ ቁልፍ ልትሰጠው ሰፈሩ ውስጥ ወዳለው ጌም ቤት ሄዳ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሲጫወት አየችው። ፀጉር አስተካካዩ በጠረገ ቁጥር ወንድሟ መክቶ በቡጢ ይመልሳል። አንዴም አልሳተም። ቤቷ ተመልሳ ጌሙ ውስጥ ያለውን የልምምድ ክፍል ከፈተች። እዚያ እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም እንደሆነ ከሥር ይጻፋል። ቁጥሩን አየችና ግድግዳው ላይ ገለበጠችው።

«አንድ መቶ ሃምሳ ቅዳሜ» አለችኝ ካውያውን አቁማ። «ከማን ጋር ስጫወት ኖሬአለሁ?»

ቅዳሜ ሱሪዬን ልወስድ ስመጣ ወንድሟ ጫማውን አውልቆ መከዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሰኞ የሦስት ቀን መንገድ ወደሚርቅ ከተማ ይዛወራል፤ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው።

«ተቀመጥ፣ አትፍራ» አለኝ። «ስትሸነፍ አትናከስም። ለነገሩ ተሸንፋም አታውቅ።»

«አፍህን ትተህ ጣትህን አንቀሳቅስ» አለች እሷ።

ጀመሩ። ቀይ ቀሚሷ ጎንበስ ብላ ጠረገች፤ ራሰ በራው መከተ። ቆመ። እንደገና ጠረገች፤ መከተ፤ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ጠረገችና ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን አትመታኝም?»

«ዘግይቼ ነው፣ እታለም። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

«ለፀጉር አስተካካዩ አላረጀህለትም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቆይቶ ሄደ። በተገለጠው መጋረጃ በኩል የስፌት ክፍሉን ግድግዳ አየ፤ ዓይኑ ቁጥሩ ካለበት ደረሰ።

«ያን ጊዜ ሳቅሽ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሦስት ወር ድምፅሽን አልሰማሁም ነበር። አንዴ ከጀመርኩት በኋላ የት ላይ ላቁመው?»

«እዚህ ላይ። ሰኞ ትሄዳለህ። አንዴ እንኳ ከኔ ጋር ተጫውተህ ሂድ።»

ተነሥቶ ጫማውን አደረገ። ለምን እንዳደረገ አላውቅም፤ እንግዳ ቤት የገባ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያውን ዙር በአፍታ ጨረሰው። ስትጠርግ መከተ፣ በቡጢ አቀመሳት፤ ስትጠርግ መከተ፣ አቀመሳት። ሁለተኛው ላይ ጥረጋውን ተወችና አንድ ረገጣ አወጣች፤ ቢመከትም እሷን ሦስት ፍሬም የሚያስቀድም። ራሰ በራው መክቶ ቡጢውን ሰነዘረ። እሷም ሰነዘረች። የሁለቱም ቡጢ በአሥር ፍሬም የሚደርስ ነው፤ እሱ ግን ሦስት ዘግይቶ ስለተነሣ የእሷ ቀደመ። ደገመችው፤ እንደገና መታችው።

«ኧረ ይቺ ሴትዮ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። «ማን አስተማረሽ?»

«ጨርቅ።»

ያን ዙር ወሰደች። በሦስተኛው ግን እሱ ገባው፤ ረገጣዋን መክቶ እጁን ሰበሰበ፤ ተራው የሷ መሆኑን አምኖ ጠበቀ። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው የሁለቱም የሕይወት መስመር ክር አክሎ ሳለ ጣቷ የለመደውን አደረገ። ጠረገች። መከተ። አንድ ትንፋሽ እንኳ የማትሆን ጊዜ አለፈችና ቡጢው አገጯ ላይ አረፈ።

ቀይ ቀሚሷ ወደቀች። እሷ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እሱ ግን ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

በር ላይ ግንባሩን ሳመችው። «በርታ። ማንንም እየጠበቅህ አትንዳ» አለችው። ከግድግዳው ላይ ቁጥሩን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮቴን ይዤ ሄድኩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የስፌት መኪናው ተሸፍኗል። እሷ መከዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ጌሙ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው አሻንጉሊት ጋር ትጫወታለች። በመከተ ቁጥር እንዲመልስ አድርጋ አስተካክላዋለች፤ ትጠርጋለች፣ ይመታታል፤ ትጠርጋለች፣ ይመታታል። ሁለተኛው ጆይስቲክ ገመዱ ተጠቅልሎ አጠገቧ ተቀምጧል። ወንድሟን የሚያህል ባዶ ቦታ መከዳው ላይ ነበር።

«ይኼ አይሳሳትም» አለችኝ ሳትዞር። «ግን አይሳደብም።»

ልጫወት ወይ አልኳት። ገመዱን ፈትታ ሰጠችኝ።

ጥቂት ተደባደብን፤ አብዛኛውን ተመታሁ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጠረገች። መከትኩ። አሥራ ሦስት ፍሬም፤ የሰከንድ ሩብ እንኳ አይሞላም። እንደምትጠርግ አውቄ አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። በቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቷን አየሁት፤ የሚጠብቅ ፊት ነበር። ጣቴ አልወረደችም።

ቀይ ቀሚሷ በሰላም ተነሣች።

«ዘገየህ ወይስ አዘንክ?» አለችኝ።

«ዘገየሁ።»

ትንሽ አየችኝ። ጆይስቲኩን ከእጄ ተቀብላ ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። ኮቴን ከመከዳው አንሥታ ክንዷ ላይ ጣለች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ አደረገች፤ መጋረጃውን ገልጣ ወደ መኪናዋ ሄደች።