ግርጌው ላይ ምን ተጽፏል?

ነርስነት ስንማር ከትምህርቱ ሁሉ የምንፈራው ፊዚዮሎጂን ነበር፤ ከፊዚዮሎጂም ግራፉን። የልብን ክፍሎች፣ የሳንባን ሥራ፣ የኩላሊትን ጣጣ በቃል መያዝ ይቻላል። ግራፍ ግን አይሸመደድም። አንድ የቆመ መስመር፣ አንድ የተኛ መስመር፣ በመካከላቸው አንድ የተጠማዘዘ ነገር፣ ከሥሩ «ግለጪ» የሚል ትእዛዝ። ምኑን ነው የምገልጸው? መስመር መሆኑን ማንም ያየዋል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ከተማው ነቀምቴ። እኔ የከተማው የጨለለቂ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እናቴ «ይቺ ልጅ የድስቱን ክዳን ሳትከፍት አታልፍም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ነርስ ትምህርት ቤት ስገባ ግን ክዳኑን መክፈት ትቼ ሽምደዳ ጀመርኩ፤ ፈተናው ይፈጥናላ።

በመኝታ ቤት ከጎኔ ያለው አልጋ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከጉቴ የመጣች የአንዲት ልጅ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ለመዝሙር ካልሆነ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ። በሽተኞች በሚተኙበት ዋርድ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናት፤ የበሽተኛ ሁኔታ ሲለወጥ ቀድማ የምታየው እሷ ነበረች። የክፍላችን ጎበዝ ናት ብዬ አምን ነበር። በመጀመሪያው የፊዚዮሎጂ ፈተና እኔ አለፍኩ፣ እሷ ወደቀች። ድጋሚውን የወደቀች የነርስነቱን ነጭ ቆብ ሳትደፋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ደንቡ ይኸው ነበር። እሷ ደግሞ በሕይወቷ ከዚያ ቆብ በስተቀር የተመኘችው ነገር ያለ አይመስለኝም።

መምህርታችን የሸዋ ሰው ነበሩ፤ «ሲስተር» እንላቸዋለን። ደግ ነበሩ፣ ሲቀልዱ ግን አይምሩም። ወረቀቱን ሲመልሱ የሷን መልስ ቆመው አነበቡልን። ጥያቄው ስለ ደም ግፊት ነበር፤ መስመሩ በግራ በኩል ከላይ ይጀምራል፣ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ በቁልቁለት ይወርድና በቀኝ ጫፍ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። እሷ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «የበሽተኛው ግፊት በፍጥነት እየወደቀ ነው። የአልጋው እግርጌ ከፍ ይበል፣ ዶክተር በአስቸኳይ ይጠራ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው «ልጄ፣ በሽተኛ የለም» አሏት። «ይህ ጤነኛ ሰው ነው። ደሙ ከልብ ወጥቶ በትልቁ ደም ቅዳ፣ ከዚያ በትንንሾቹ፣ ከዚያ ፀጉር በሚያካክሉት ቀጫጭኖች፣ ከዚያ በደም መልስ ሲያልፍ ግፊቱ እየቀነሰ መሄዱን ነው የሚያሳየው። አንቺ ግን ቀበርሽው።»

እኔም ስቄአለሁ። አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እኔ ያንን ጥያቄ የመለስኩት ገብቶኝ አይደለም፤ ሥዕሉን መጽሐፉ ላይ አይቼው፣ ከሥሩ ያለውን በቃሌ ይዤው ነው። እሷ ግን መስመሩን በዓይኗ አይታ፣ ያየችውን አምና ጻፈች። እንዲህ ያለች ልጅ እንዴት ጤነኛ ሰው ትገድላለች?

«ማሎ፣ አትቆጪ» አልኳት፤ ማሎ በኦሮምኛ እባክሽ ነው። «ለምን እየወደቀ ነው አልሽ?»

«ሲወርድ ታዪ የለም እንዴ?» አለች ፊቷን ሳታዞር። «በየቀኑ አልጋ እግርጌ ያለው ቻርት ላይ እንሞላ የለም? እንዲህ ሲወርድ እንሮጣለን። ዛሬ ምን ተገኘና ነው የሚሳቅብኝ?»

ገባኝ። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። እኛ ዋርድ ውስጥ የምናውቀው ቻርት ሁሉ፣ የሙቀቱም የግፊቱም፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ጊዜ ነው፤ ጧት፣ ቀን፣ ማታ። ስለዚህ የትም ግራፍ ብናይ ጊዜ እናደርገዋለን፤ «መጀመሪያ እንዲህ ሆነ፣ ቀጥሎ እንዲህ ሆነ» ብለን እንደ ተረት እንተርከዋለን። በሲስተር ግራፍ ግርጌ፣ ከተኛው መስመር ሥር፣ የተጻፈው ግን ጊዜ አይደለም፤ ቦታ ነው። ከልብ ወዲያ የት ድረስ? የሚል ነው። በግራም በቀኝም ያለው ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ደቂቃ።

ይህን ነገርኳት። «እንግዲያው ስንት ዓይነት ግርጌ አለ?» አለችኝ። ጥያቄው ጣፈጠኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልንም።

መጽሐፉን እየገለጥን መስመሮቹን ትተን ግርጌ ግርጌውን ብቻ እናነብ ጀመር። ጊዜ አለ፣ ቦታ አለ፣ የመድኃኒት መጠን አለ። ከሁሉ ያስቸገራት መጠን ነበር። መስመሩ መጀመሪያ ተኝቶ ይሄዳል፣ ከዚያ ሽቅብ ይነሣል፣ በመጨረሻ አናቱ ላይ ይተኛል። እሷ «መድኃኒቱ ሲሰጠው በመጀመሪያ አልሠራም፣ በኋላ ሠራ» ትላለች፤ አሁንም ሰዓት ትቆጥራለች። ባስረዳት ባስረዳት አልሆነም። በመጨረሻ ከአባቴ ሱቅ ስኳር አመጣሁ።

መኝታ ቤት መስኮቱ ላይ የሻይ ብርጭቆዎች ደረደርን። በአንዱ ቅንጣት ስኳር፣ በሚቀጥለው ትንሽ ከፍ ያለ፣ እያለ እስከ መጨረሻው። «ቅመሽና ጣፋጭነቱን ንገሪኝ» አልኳት። የመጀመሪያው ስኳር ያለው አይመስልም፤ የመካከሎቹ ካንዱ ወዳንዱ በግልጽ ይለያያሉ፤ የመጨረሻዎቹ ላይ ስኳሩ ታች ዘቅጦ ጣፋጭነታቸው አንድ ሆነ። ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥቡን ስናገጣጥመው ያ መስመር ወጣ። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

«አሁን የቱ ብርጭቆ ነው መጀመሪያ?» አልኳት።

«የቱም አይደለም» አለች። «እያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ብርጭቆ ነው። ከቀኝ ብጀምርም ያው ነው።» ሳቀች፤ ከፈተናው ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በማስተዋል ቀድማኝ ሄደች። ሎሚ ጨመቅንና ደግመን ቀመስን፤ ያንኑ ጣፋጭነት ለማግኘት ተጨማሪ ስኳር አስፈለገ፣ መስመሩ እንዳለ ወደ ቀኝ ተገፋ። «መጽሐፉ ላይ ያሉት ሁለቱ መስመሮች እነዚህ ናቸዋ» አለች። «አንዱ ለብቻው የተሰጠ መድኃኒት፣ ሁለተኛው የሚቃወመው መድኃኒት አብሮት ሲኖር። ወደ ቀኝ ሄደ ማለት ዘገየ ማለት አይደለም፤ ብዙ መጠን ይፈልጋል ማለት ነው።» እኔ እኮ ያንን «ወደ ቀኝ ይሸሻል» ብዬ በቃሌ ይዤው ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገረችኝ እሷ ናት።

ለፈተና የሚሆን አጻጻፍም አበጀን። ግርጌውንና የቆመውን ጎኑን ከነመለኪያቸው ሳትጽፍ መስመሩን አትነካም። ከዚያ ከየት ተነሣ፣ የት ላይ ቁልቁለቱ ወይም ዳገቱ በረታ፣ የት ተኛ፣ በምን ያህል ቁጥር። ምክንያቱን የምትጽፈው ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው። የበፊቱ ጥፋቷ ሳታይ መሮጧ ነበርና እኔ እንደ ዳኛ ቁጭ ብዬ «ምክንያት ገባ፣ አውጪ!» እላታለሁ። ሰው ስኳር ከጠጣ በኋላ በየጊዜው ስለሚለካ የደም ስኳር በሰጠኋት ግራፍ ላይ «ስኳር በሽታ ነው» ብላ ስትጀምር ወረቀቱን ቀማኋት። እየተነጫነጨች ደግማ ጻፈችው፦ ግርጌው ጊዜ ነው፤ አንደኛው መስመር ከዝቅተኛ ተነሥቶ ይወጣና ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ከመነሻውም ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይወጣል፣ ሳይመለስም ይቆያል። ከዚህ በኋላ ነው ስለ ኢንሱሊን የጻፈችው።

ድጋሚ ፈተና የሚሰጠው በሰሌዳ ላይ፣ ክፍሉ ሁሉ ተቀምጦ ነበር። ፈታኙ የሆስፒታሉ ዶክተር ነበሩ፤ የውጭ አገር ሰው፣ አማርኛቸው ቀስ ያለ፣ እጃቸው ግን የሚፈጥን። ሲስተር ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ጠመኔ አንሥተው ጎንና ግርጌውን አሰመሩ፤ በጎኑ «የልብ ምት በደቂቃ» ብለው ጻፉና ቁጥር ሞሉበት። ከዚያ ሽቅብ ተነሥቶ አናቱ ላይ የሚተኛ መስመር ሳሉ። «ግለጪ» አሉና እጃቸውን አራገፉ።

እሷ ወደ ሰሌዳው ቀረበች። የጎኑን አነበበች፣ የምቱን መነሻ ተናገረች፣ ዳገቱ የት እንደሚያበቃ አሳየች፣ ከዚያ ወዲያ እንደማይጨምር ተናገረች። ከዚያ ቆመች።

«ቀጥይ» አሉ ዶክተሩ። «ምክንያቱ?»

«ከዚህ በላይ አልችልም።»

ሲስተር አንገታቸውን ደፉ። አብረን የደከምንበት ሁሉ ውኃ በላው ብዬ ወደ ልብሴ ጫፍ ማየት ጀመርኩ።

«ለምን አትችይም?»

«ግርጌው ላይ ምንም አልተጻፈም» አለች። «ጊዜ ከሆነ፣ አንድ ሰው የጉልበት ሥራ ጀምሯል፤ ሥራው ስላልጨመረ ልቡ ለሥራው የሚበቃውን ምት አግኝቶ እዚያው ላይ ቆሟል። ሰውየው ደኅና ነው። የሥራ ክብደት ከሆነ ግን ሰውየው ዐቅሙን ጨርሷል፤ ሥራው ቢጨመርበትም ልቡ ከዚህ በላይ አይመታም። የመድኃኒት መጠን ከሆነ ደግሞ ከዚህ በላይ ብሰጠው ምቱ አይጨምርም፣ ሌላ ጉዳት ግን ላመጣበት እችላለሁ። መስመሩ አንድ ነው፣ ሰውየው ግን የተለያየ ነው። የቱን ላስታምም?»

ዶክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ እስከዚያ ድረስ ባዶውን ግርጌ ያላዩት መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ጠመኔውን ይዘው ሊጽፉ ጎንበስ አሉ። እጃቸው መስመሩ ሥር ቆመ። ቆየ። ከዚያ ቀና ብለው ሲስተርን ተመለከቱ።

«ረሳሁት» አሉ። «ሦስቱንም ስትናገር የኔ የቱ እንደነበረ ረሳሁት።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሲስተር ከጥጉ ተነሥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱና ጠመኔውን ከዶክተሩ እጅ ተቀበሉ። ግርጌው ላይ ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ ለሷ ሰጧት። «አንቺ ጻፊበት» አሏት፣ «የፈለግሽውን። አልፈሻል።»

ጠመኔውን ይዛ ቆመች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነው፤ እሷ ግን አልጠረገችውም፣ ግርጌውን እያየች የቱን እንደምትጽፍ ታስብ ነበር።