የበላቸው ትራፊ መሬት

በላቸውን አዘዞ ላይ የማያውቀው ሰው የለም፤ ስሙን ግን የሚጠራው የለም። «ሜትሮ» ነው የሚሉት። ጣሊያን መንገድ ሲሠራ ገመድ ያዥ ነበር። ጣሊያን ሲሄድ ለሌላው ማኪና ተረፈው፣ ለሌላው ቆርቆሮ፣ ለበላቸው ደግሞ አንዲት የአንድ ሜትር እንጨት። ቁጥሮቿ የተጻፉባት፣ ጫፏ ነሐስ የለበሰች። እሷን ጥምጥም እንደሚጠመጥም ቄስ በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዛት።

በዚህች እንጨት ስንቱን አካፈለ! ወንድማማች ተጣላ እሱ ነው የሚጠራው፣ ድንበር ተገፋ እሱ ነው። የአገሩን መሬት ሁሉ ሲለካ የኖረው ሰውዬ ታዲያ ለራሱ አንድ ክንድ መሬት የለውም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በኪራይ። ሚስቱ አምሳል እንጀራ ባቀረበች ቁጥር ትተርበዋለች።

«ሜትሮ፣ እስቲ ዛሬ የኛን ለካልኝ። የቱጋ ነው?»

ይሄ ነገር ውስጡን በላው።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ የአዘዞ ሰዎች፣ አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ ገንዘብ አዋጥተው ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር መሬት ገዙ። ቤት ሊሠሩበት። ማኅበሩን የሚመሩት እህል ነጋዴው አያ ዳኛው ናቸው። በላቸውን አስጠሩት።

«እኩል አድርገህ ለአሥራ ሁለት። አንዲት ስንዝር ብትበልጥ እንጋደላለን።»

በላቸው በእንጨቱ ዙሪያውን ለካ። ርዝመቱ ከማኪና መንገዱ እስከ ተራራው ሥር መቶ ሃያ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሃምሳ።

«መጀመሪያ መንገድና ቦይ ይቀነሳል» አለ። «ከወርዱ መሀል ለመሀል ስምንት ሜትር መንገድ፣ ግራና ቀኙ አንድ አንድ ሜትር ቦይ። አሥር ሄደ። ከላይ ደግሞ የተራራውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ገደሉ የሚያወጣ አራት ሜትር።»

ጉድ ፈላ።

«ምነው? መሬቱን የገዛነው ለውሃ ነው እንዴ?» አሉ አያ ዳኛው። «ስምንት ሜትር መንገድ! ማኪና ያለው ከመካከላችን ማን ነው?»

«አያ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያለዚያ አይፈቅድም። ደግሞ ሐምሌ ሲመጣ ውሃው ፈቃድ አይጠይቅም፣ አልጋዎ ድረስ ነው የሚገባ።»

አጉረመረሙና ተቀበሉ። ስለ ድካሙ ዋጋ ሲጠይቁት በላቸው ሳምንት ሙሉ ያጠናትን ነገር ጣል አደረጋት።

«ከናንተ ገንዘብ አልፈልግም። መንገድና ቦዩ ወጥቶ፣ ለአሥራ ሁለታችሁ እኩል ተካፍሎ፣ ጫፍ ላይ የሚተርፍ ቁራጭ ካለ እሷን ትሰጡኛላችሁ።»

«ቁራጭ? ውሰዳት!» አሉና ሳቁ። ሸጋ ሰው ነው ብለው መረቁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ያሉት «እኩል» ነው እንጂ ስንት ሜትር አላሉም። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሜትር ወርድ አለው። በየወገኑ ስድስት ስድስት ሰው። በላቸው ሃያ ሜትር የሆነች የጠፍር ገመድ ነበረችው፤ ማታ ቋጠሮዋን ፈትቶ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ቋጠራት። አሥራ ስምንት ሆነች። ስድስት ጊዜ አሥራ ስምንት መቶ ስምንት ነው። ቦዩ ከወጣ የቀረው መቶ ሃያ ነው። በየወገኑ አሥራ ሁለት ሜትር ይተርፋል ማለት ነው፣ ያውም ከላይ ጀምሮ ስለሚለካ ትራፊው የሚወድቀው ዋናው መንገድ ዳር! አንዱ ላይ ቤት፣ አንዱ ላይ ጠጅ ቤት። ሁሉም ደግሞ እኩል ነው። ማን ተበደለ?

የሚለካበት ለት ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረ። መስከረም ሊያልቅ ሲል የሚጥለው ያ የመጨረሻው ዝናብ። ሣሩ ውሃ አቁሯል። በላቸው በቀኙ ወገን ከላይ፣ ከቦዩ ጠርዝ ጀመረ። አያ ዳኛው አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እሱ ሌላውን፣ ሳብ፣ ችካል። ሳብ፣ ችካል። ገመዱ እርጥቡ ሣር ላይ ሲጎተት ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል፤ አያ ዳኛው ደግሞ በሬ እንደሚስብ ሰው ነው የሚስቡት።

አራተኛው ላይ ሲደርስ በላቸው ወደ ታች አየ። ዋናው መንገድ ቀርቧል። በጣም ቀርቧል።

«አያ፣ ቀስ ብለው ይሳቡት እንጂ!»

«ምነው? ገመድ ሲላላ ልክ አይሆንም ያልከው አንተ አይደለህ?»

ስድስተኛው ችካል ሲተከል የተረፈው ሦስት ሜትር ነው። ሦስት! በላቸው እንደገና በእንጨቱ ለካው፤ ያው ሦስት። ጠፍር ሲርስ እንደሚለጠጥ ከብት ያሰረ ሕፃን ያውቃል፤ እሱ ግን ያን ለት የሚያስበው ስለ ጠጅ ቤቱ ነበር። ምን ብሎ ይናገር? ያሳጠርሁት ገመድ መልሶ ረዘመ ይበል?

ምሳ ተበላ። ፀሐይ ወጣ። ገመዱ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ። በግራው ወገን ሲለኩ ልክ እንዳሰበው ሆነ፣ ስድስት ሰው ገብቶ አሥራ ሁለት ሜትር ተረፈ። በላቸው ትንሽ ነፍስ ዘራ። ግማሹ ይበቃል አለ በልቡ።

ከማኅበሩ መሀል እትዬ ባንቺአየሁ የሚባሉ ባልቴት አሉ። መንገዱ መሀል ቆመው ግራ ቀኝ አዩና፣

«እኔ ምለው፣ ምነው ችካሎቹ ተኮራረፉ?» አሉ።

እውነትም። ከላይ ትይዩ የጀመሩት ችካሎች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየተራራቁ፣ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ሜትር ተለያይተዋል።

ጩኸት ሆነ። «በግራ የሚደርሰው የእንጀራ ልጅ ነው?» የሚል አለ፣ ዱላ ያነሣ አለ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ፣ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ገመዱን አንሥተው በሜትሯ እንጨት ለኩት። አሥራ ስምንት።

«ፀሐይ... ፀሐይ ነው፣ መሪጌታ» አለ በላቸው። «ጠፍር ይኮማተራል።»

«ሲርስ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። እንደ ሰው ቃል ነው» አሉ መሪጌታ። «ገመድ ተዉ። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ጠቅላላው መቶ ሃያ አራት፣ ቦዩ አራት፣ ቀሪው መቶ ሃያ። ለስድስት ሲገደፍ፣ ሲካፈል ማለት ነው፣ ሃያ ሃያ ነው። እንጨቷ አትረዝም አታጥር፣ በሷ ይለካ።»

«የኔ ትራፊስ?» አለ በላቸው። ሳያስበው አመለጠው።

«እኩል ተካፍሎ ምን ይተርፋል፣ ልጄ? ባዶ ነው የሚተርፍ።»

እንግዲህ አስቡት። እስኪመሽ ድረስ በገዛ እንጨቱ፣ አጎንብሶ፣ አንድ በአንድ እየቆጠረ፣ የራሱን ቤት ለአሥራ ሁለት ሰው አከፋፈለ። ዕጣ ሲወጣ በግራ በኩል፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ለእትዬ ባንቺአየሁ ደረሰ። እሳቸው ገመዱን አነሡ። ከአዲሱ ቋጠሮ ሁለት ሜትር አልፎ፣ የድሮው ቋጠሮ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሏል፤ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ በላቸውን አዩት፣ ጠቅልለው ሰጡት።

ሐምሌ ላይ ውሃው ከተራራው እየደነፋ መጣ፣ ቦዩ ዋጠው። አንድም ቤት አልነካ። አያ ዳኛው ቦዩን እኔ ነኝ ያስቆፈርሁት እያሉ ይፎክራሉ።

በዓመቱ የበላቸው አከራይ ቤቱን ፈለገው። አምሳል ዞራ ዞራ ክፍል አገኘች። እትዬ ባንቺአየሁ ከቤታቸው ጎን ቀጥለው የሠሯት፣ ርዝመቷ አራት፣ ወርዷ ሁለት ሜትር የሆነች ጠባብ ክፍል ናት።

«ጠበበችህ እንዴ ሜትሮ?» አሉት ኪራዩን ሲቀበሉ። «ምን ላርግ፣ መሬቱ እዚህ ጋ ሁለት ሜትር ሊጎድል ነበር። እግዜር ነው የመለሰልኝ።»

በላቸው ራሱን ነቀነቀ። ማታ አልጋውን ሲዘረጋ እግሩ ግድግዳውን ነካ። መለካት አላስፈለገውም።