የስምንተኛ ክፍል ካርዴና የፎቁ ሥራ አስቀጣሪ

ትምህርቴ የቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት በራሴ ነው። የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ሽፋኑ ከተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ተማርኩ፤ ታይፕን ደግሞ የፊደሎቹን ቦታ ካርቶን ላይ ሥዬ ጣቶቼን በማለማመድ። ዛሬ ዲግሪ የያዙት ልጆቼ ማመልከቻ ሲጽፉ ለእኔ ሳያሳዩ አይልኩም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ ሠርቼበታለሁ። አሁን የምጽፈው ብልህነቴ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ ስለ ሠራበት አንድ ሳምንት ነው። እንደዚያ ሳምንት የጨነቀኝ ጊዜም የለም።

የደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእናቴ ጋር ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ቀበሌዎች ለውትድርና የሚልኩት የወጣት ኮታ ነበረባቸው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያለው ሰው አፈሳ ሲደርስበት አውጥቶ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም ይለቁታል። የሌለው መኪና ላይ ይጫናል። የቀበሌው ዘበኛ እናቴን ወፍጮ ቤት አግኝቷት፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ሥራ ካልያዘ ለሚቀጥለው ዙር እኔ አላውቅልዎትም» አላት። በደግነት ነበር የነገራት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ከእኔ ቀድማ ተነሥታ በሩን በጀርባዋ ትደግፋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው «ማነው?» የምትለው።

ያን ሰሞን ለግል ድርጅቶች በር የሚከፍተው ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ነበር። አዋጁን ያነበበ ሰው በሰፈራችን አልነበረም፤ ግን አዲስ ታፔላ በተሰቀለ ቁጥር «አሁንማ ተፈቅዷል» ይባላል። ፒያሳ ውስጥ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ፣ ጣሊያን በሠራው ፎቅ ላይ «ሠራተኛ አስቀጣሪ ድርጅት» የሚል ታፔላ ሲወጣ እኛም እንደዚያው አልን። ከዚያ በፊት ሥራ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነበር። ይመዘገባል፣ ካርድ ይቀበላል፣ ተራው እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል። ፎቁ ላይ ግን በሁለተኛው ቀን ቅጥር አገኘሁ፤ የወደብ ከተማ ላይ የአንድ የመንግሥት የጭነት ድርጅት መጋዘን ጸሐፊ፣ መታወቂያው ከመሄዴ በፊት እዚሁ ይሰጠኛል። ሥራ አስኪያጁ ክራቫት ያሰረ፣ ድምፁ የለዘበ ሰው ነው። የፈተነኝ ታይፕ አስመትቶ ነው፤ አንድ ስሕተት አላገኘብኝም።

«ጎበዝ ነህ» አለኝ። «እስከ ዓርብ ዋስና የማስፈጸሚያ ገንዘብ ይዘህ መጥተህ ውሉን ትፈርማለህ። ጉዞው ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርድህ ኦርጅናሉ እዚህ ይቆያል።»

ሰጠሁት፤ እሱም በጭነት ድርጅቱ ስም የተጻፈ የቅጥር ደብዳቤና የዋስ መፈረሚያ ወረቀት ሰጠኝ። ያን ካርድ ስሰጥ ያየኝ ሰው እንደ ዛሬው አስተዋይ ነው ብሎ አይገምተኝም። በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር፤ ምትክ ለማውጣት የሚፈጀውንም ጊዜ አውቃለሁ።

ዋስ የሚሆነኝ የእናቴ ወንድም ነው፤ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የዋስትናውን ወረቀት ተቀብሎ ገልብጦ ጀርባውን አየና መለሰልኝ።

«ዋስ ማለት አንተ ብትጠፋ እኔ እገባለሁ ማለት ነው። ለማን ነው የምገባው?»

«ለድርጅቱ ነዋ አጎቴ።»

«ድርጅቱ ማነው?»

«ታፔላ አለው፣ ፈቃዱም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።»

«የእኛ ሰፈር ጠላ ቤትም ግድግዳው ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ? ሂድና አጣራ። እኔ ለስም አልፈርምም።»

እናቴ ወንድሟን ልትጣላው ተነሣች፤ «ልጄን ልታስበላው ነው!» አለችው። እኔ ግን የአጎቴ ነገር ልክ መሆኑን ወዲያው ተረዳሁ። ማክሰኞ ነበር፤ እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ፎቁ ወጥቼ፣ ወረፋ የምጠብቅ መስዬ ከፈቃዱ ሥር ቆምኩ። ሌላው ሰው ማኅተሙን ነው የሚያየው፤ ማኅተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ይበቃዋል። እኔ ጽሑፉን አነበብኩ። የሥራው ዓይነት በሚለው ቦታ «የቅመማ ቅመም ኮሚሽን ወኪል» ይላል። በየዓመቱ የእድሳት ማኅተም የሚመታበት ሠንጠረዥ ከሦስት ዓመት ወዲህ ባዶ ነው። ቁጥሩን በቃሌ ይዤ የንግድ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ወረድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ፋይሉን ለማውጣት እስከ ከሰዓት በኋላ አስጠበቀችኝ፤ አውጥታ ካየችው በኋላ ግን እኔን ነበር ቀና ብላ ያየችኝ።

«ይኼ ሰውዬ ሥራ አቁሜአለሁ ብሎ ዘግቷል። ፈቃዱን መመለስ ነበረበት፣ ጠፋብኝ አለ። ምንህ ነው?»

«ሊያስቀጥረኝ ነው።»

«በበርበሬ ፈቃድ?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ጭነት ድርጅቱ የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቅጥር ደብዳቤዬን ለሁለት ደቂቃ ያህል አነበቡት።

«ልጄ፣ ሁለት ነገር ልንገርህ። እኛ ሰው ስንፈልግ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ እንጽፋለን፤ እሱ ከተመዘገቡት ውስጥ ይልክልናል። ሌላ በር የለንም። ደግሞም የደብዳቤ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«አሁን የግል አስቀጣሪ ተፈቅዷል ሲሉ…»

«ማን አለህ?»

ማን እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ሰዉ ሁሉ ነው ያለው። እርሳቸው ፊት ላለማልቀስ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

የቀረኝ ፎቁ ላይ የተከራዩትን ክፍል ማጣራት ነው። ፎቁ የመንግሥት ስለሆነ ኪራዩ የሚከፈለው በቀበሌ ነው፤ ተከራዩም በመዝገብ ይታወቃል። የኪራይ ሰብሳቢው ጸሐፊ ክፍሉ የአንድ ሟች ሰዓት ሠሪ መሆኑንና ሚስቱ እንደምትከፍል ነገረኝ። ባለቤቲቱን አምስት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። የቀበሌ ቤት ለሌላ ማከራየት ክልክል ስለሆነ መጀመሪያ ደነገጡ። ከእኔ የሚመጣ ጣጣ እንደሌለ ምዬ ሳረጋግጥላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለአንድ ወር ብቻ ነው ያሉኝ። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን ይመልሱልኛል» አሉ።

ወሩ የሚያልቀው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የእኛ ጉዞ ደግሞ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን።

ሦስቱን ነገር ማንም ሳያግዘኝ በሁለት ቀን አገኘሁ። ዛሬ ሰዎች ይህን ለማወቅ ጠበቃ ይቀጥራሉ። ግን ካርዴ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። «ሌባ ናችሁ» ብዬ ብገባ ካርዱን አላገኝም። እኔ የማመጣው የመጨረሻ ነገር የዋስ ፊርማ መሆኑን አሰብኩ፤ ለማስፈጸሚያ የሚጠይቁት ገንዘብም የሚከፈለው ከፊርማው ጋር ነው። የሚፈልጉት ይህንን ነው።

ዓርብ ጠዋት ገባሁ። አግዳሚው ላይ ዐሥራ አንድ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱን አውቀዋለሁ፤ ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ አጎቱ ዘንድ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ የጉራጌ ልጅ፣ ሰኞ ዕለት አብረን ወረፋ የጠበቅን።

ለሥራ አስኪያጁ፣ «ዋሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በሥራ ሰዓት መውጣት አይችልም። የምዋስለትን ሰው ኦርጅናል ማስረጃ በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም ብሏል። ከምሳ በፊት ይዤ እመለሳለሁ» አልኩት።

«እዚህ መጥቶ ይየው።»

«እንግዲያው ሌላ ዋስ ልፈልግ። ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል ጌታዬ?»

ለሚቀጥለው ወር እንደማይደርስ ከእሱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መሳቢያውን ከፍቶ ካርዴን ከሌሎች ካርዶች ክምር መካከል መዞ ሰጠኝ። ክምሩ ወፍራም ነበር።

ካርዱን የደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ስወጣ እነዚያ ዐሥራ አንዱ ቀና ብለው አዩኝ። እዚያው ብናገር ሥራ አስኪያጁ ይሰማል፤ በሩን ዘግቶ ቢይዘኝስ? ያን የማውቀውን ልጅ ብቻ በዓይኔ ጠቀስኩት፤ ደረጃው ላይ ወረደልኝ። ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ፈቃዱን፣ ደብዳቤውን፣ ክፍሉን።

«አንተን ጣሉህ ማለት ነው» አለኝ።

«አልጣሉኝም፣ እኔ ነኝ የተውኳቸው!»

«ስምንተኛ ክፍል ይዘህ ነዋ የመጣኸው፤ ምን ታድርግ። ወንድሜ፣ ምቀኝነትህን እዚያው ሰፈርህ ድልድዩ ሥር ጣለው። እኔ ማታ ቤቴ የምገባው በጓሮ በኩል ነው፤ ገባህ? በጓሮ! መታወቂያዬን በእጄ ስይዝ ብቻ ነው በፊት በር የምገባው።»

ተመልሶ ወጣ። እኔም ሁለተኛ አልወጣሁም። ተመልሼ ለሌሎቹ መናገር እችል ነበር፤ የሚያምኑኝ አይመስለኝም ነበር፤ ደግሞ ፈርቼ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደዚያ ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ ጠይቁኝ፤ እውነቱን ለመናገር ልክ መሆኔን ለማየት ነበር። በሩ ተቆልፏል፣ ታፔላው የለም። ደረጃው ላይ ሻንጣና ጥቅልል ብርድ ልብስ የያዙ ልጆች ተቀምጠዋል። ያ የመርካቶ ልጅ አዲስ ሸራ ጫማ ተጫምቷል። ከኬክ ቤቱ አስተናጋጆች አንዱ፣ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ካርዶቹን ፎቶ እየቀየሩ ለሌላ ሰው እንደሚሸጡ ነገራቸው። አንዱ ልጅ እዚያው ደረጃው ላይ አስታወከ።

«ፖሊስ ዘንድ እንሂድ» አልኩ። «እኔ አቤቱታውን እጽፋለሁ። ክፍሉን ያከራዩትን ሴትዮ ስም ሳላነሳ የፈቃዱን ቁጥር እሰጣለሁ፤ የጭነት ድርጅቱ ኃላፊም ይመሰክራሉ።»

እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍኩት። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለ አቤቱታ ነበር፤ አንድ ቃል የማይቀነስበት፣ አንድ ቃል የማይጨመርበት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው አነበበው። ከሥር ስምና ቀበሌ ጻፉ የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ያቀብለዋል።

«ፖሊስ ጣቢያ ስንገባ መጀመሪያ የሚጠይቁን ምንድን ነው?» አለኝ የመርካቶው ልጅ።

መልሱንም ራሱ ሰጠ።

«የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው። ሌቦቹም ይህን አውቀው ነው የመረጡን። ዐሥራ አንድ ሥራ ፈት ወጣት በእግሩ ጣቢያ ድረስ ሄዶ እጁን ይስጥ? ኮታቸው በእኛ ይሞላ?» ወረቀቱን መለሰልኝ። «አንተ ፈርም። ካርድህ በእጅህ ነው፤ ምን ጠፋብህ?»

ሁሉም አዩኝ። ብዕሩ በእጄ ነበር። የእናቴ ጀርባ በር ላይ ተደግፎ ታየኝ፤ እኔም የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አልነበረኝም።

ወረቀቱን አራት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አንድ በአንድ፣ እየተራራቁ፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። እኔ መጨረሻ ወረድኩ፤ ወደ ቤትም የገባሁት በጓሮ በኩል ነው።