ዘጠኙ የዓርብ ወረቀቶች

ባለቤቴ ያረፈው በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ነው። የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግም። በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሁሉ ሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረግላቸዋል። እሱም በዚያ ሆሳዕና አጠገቤ ቆሞ ነበር። የራሱን ፍትሐት በእግሩ ቆሞ ሰማ ማለት ነው። ስንቀብረው የዘንባባው ቀለበት ከጣቱ አልወለቀም ነበር።

ስለ እሱ ከዚህ በላይ ለመጻፍ ገና አቅም የለኝም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ በክፍሌ ስለሆነው ነገር ነው። ግን ይህን ካላስቀደምኩ፣ ማንም ሰው ማየት የነበረበት ነገር ለምን እንዳልታየኝ አይገባም።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ወደ ሥራ የተመለስኩት ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ትምህርቱ መረጃ መሰብሰብና ማደራጀት ላይ ደርሶ ነበር። የመጽሐፉን ምሳሌ ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ስለታከተኝ ተማሪዎቹን፣ “የራሳችሁን ክፍል ጠይቁ” አልኳቸው። ርእሱን የሰጠን ርእሰ መምህሩ ነው። የወላጆች ኮሚቴ ለተማሪዎች ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይቅረብ አይቅረብ እያለ ሲከራከር ከርሟል።

“ቁጥር ያለው ነገር አምጡልኝ” አለኝ። “ወሬ ሰልችቷቸዋል። ችግር ካለ ይታይ፤ ከሌለም ሌላ ሥራ እንሥራበት።”

ሦስት ተማሪዎች ቡድን ሆኑ። መሪዋ ቀጠን ያለች፣ ጽሑፏ የሚያምር፣ ከጋሳይ በላይ ካለ ገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ሁለተኛዋ የእስላም ሥጋ ቤት ያለው ነጋዴ ልጅ ናት። ሦስተኛው ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ማስመሪያ ከእጁ አይለይም። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ ዛሬ ቁርስ በልተህ መጣህ ወይ? ካልበላህ ለምን? የምትኖረው ከቤተሰብ ጋር ነው ወይስ በኪራይ ቤት? ስም አይጻፍም። ዓርብ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወረቀቱ ታደለ፣ ተሞላ፣ ተሰበሰበ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሦስቱ በባዶው ክፍል ውስጥ ውጤቱን በትልቅ ወረቀት ላይ አሰናድተው ጠሩኝ። በማግሥቱ ለኮሚቴው ይቀርባል። ከአርባ ስድስቱ ተማሪዎች በዕለቱ የተገኙት አርባ አንድ ናቸው። ሃያ ሦስቱ በልተዋል፣ ዐሥራ ስምንቱ አልበሉም። ያልበሉትን በጻፉት ምክንያት ከፋፍለዋቸዋል፦ የረፈደባቸው ስድስት፣ ያልራባቸው ሦስት፣ ጾም የሆኑ ዘጠኝ። ልጁ ዓምዶቹን እኩል ስፋት ሰጥቶ ቀጥ አድርጎ አስምሯል። ከሥር መሪዋ በዚያ በሚያምር እጇ እንዲህ ጽፋለች፦ “ግኝት፦ በክፍላችን በማጣት ምክንያት ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ተማሪ የለም።”

“ክፍላችን ገነት ነው ቲቸር” አለ ልጁ። “ግማሹ ጠግቧል፣ ግማሹ ጾሟል።”

ሳቅኩ ማለት አልችልም፤ ግን ጥሩ ነው አልኩ። ድምሩን አየሁ፣ ልክ ነው። የዓምዶቹን ቁመት አየሁ፣ ልክ ነው። ልፈርምበት እስክሪብቶ አወጣሁ።

የሥጋ ነጋዴው ልጅ ወረቀቱን እያየች፣ “ቲቸር፣ እኔ የእናንተን ጾም በደንብ አላውቅም” አለች። “ግን ዓርብ ጾም ነበር እንዴ?”

“ዓርብ መቼ ጾም ያልሆነበት አለ?” አላት ልጁ።

“እንጃ። ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው የክርስቲያን ሥጋ ቤት ግን ዓርብ ዕለት ወረፋ ነበረው።”

“አንቺ ደግሞ የሰው ወረፋ ስትቆጥሪ ነው የምትውዪው?”

“የሚቆጥረው አባቴ ነው። ‘ሃምሳው እስኪወጣ ድረስ ረቡዕና ዓርብም የነሱ ነው’ እያለ ይነጫነጫል።”

እስክሪብቶው በእጄ እንዳለ ቀረሁ። በዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቁጥሩን በትክክል ደመርኩ፤ ቀኑን ግን አላየሁትም። ለእኔ ሕማማቱ አላለቀም ነበር።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ ከቀኑ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። በዚያው ዓርብ ምሳ ሰዓት ባልደረባዬ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ዶሮ ወጥ ነበር፣ “እባክሽ አንድ ጉርሻ” አለችኝ። “ጾም ነኝ” አልኳት። እሷም ዕቃዋን ከደነች። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት መምህራን ሁሉ ወደየምሳቸው አቀረቀሩ። ለካ ሁሉም አውቀዋል። አንዳቸውም፣ “ምን ጾም አለ በሃምሳው?” አላሉኝም። ደግሞ እኔ ያን ቃል ያልኩት ስለጾምኩ አልነበረም። መብላት ስላልቻልኩና ለምን ተብዬ እንዳልጠየቅ ነው። ጾም ከተባለ ማንም ቀጥሎ አይጠይቅም።

ዘጠኝ ልጆችም ያን ቃል ጽፈዋል።

“ወረቀቶቹን አምጡ” አልኩ።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ነበር የቆጠሯቸው፤ ምክንያቱንና የሚኖሩበትን ቤት አብረው አላዩም። አሁን ጠረጴዛው ላይ በሁለት እንከፍላቸው ጀመር፤ በግራ በኪራይ የሚኖሩ፣ በቀኝ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ። ግራው ዐሥራ ሰባት፣ ቀኙ ሃያ አራት ሆነ። ከዚያ ከየክምሩ “ጾም” የሚሉትን አወጣን። ከቀኙ አንድ ወጣ። ከግራው ስምንት።

ልጁ ማስመሪያውን አስቀመጠ። ከገጠር መጥተው ቤት የተከራዩ ልጆች የሚበሉት ቅዳሜ ከቤተሰባቸው የሚያመጡትን ስንቅ ነው። ዳቦው፣ በሶው፣ ሽሮው ዓርብ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር እዚህ አገር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ስምንቱን ላስተካክል ስል ከመካከላቸው አንዱ ላይ ዐይኔ ዐረፈ። “ጾም ስለሆነ” ይላል። ፊት ለፊቴ በተንጠለጠለው ትልቅ ወረቀት ላይ “የለም” ብሎ የጻፈው እጅ ነው፤ ያው ወደ ግራ ያዘመመ፣ ያው የሚያምር። ቀና ስል መሪዋ የማርከሩን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ራሷን ቆጥራለች። ራሷን ከዓምዱ ውስጥ አስገብታ፣ ከሥሩ “የለም” ብላ ጽፋለች። ዘጠኙን በጀርባቸው ገልብጬ ቀላቀልኳቸው፤ ሌላ እጅ እንዳላውቅ።

“በቃ፣ ‘ዘጠኝ ተማሪ ተርቧል’ ብለን እንጻፍ” አለ ልጁ። ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር።

“ማን ነገረህ?”

“ግልጽ ነው እኮ ቲቸር!”

“ግልጽ የሆነው ያን ቀን ጾም አለመኖሩ ነው። ሊቆርብ አስቦ ያልበላ ቢኖርስ?”

“ዘጠኝ ሰው? ዓርብ ዕለት?”

“እኔም አይመስለኝም። ግን ጠይቀናል?”

አልጠየቅንም። ስለዚህ የቀድሞውን ግኝት ሰርዘን አዲስ ወረቀት ዘረጋን። የምናውቀውንና የማናውቀውን ለየብቻ አደረግን። በግኝቱ ሥር፦ ዘጠኝ ተማሪዎች ጾም በሌለበት ቀን ጾም ነን ብለው ጽፈዋል፤ ስምንቱ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ናቸው። በገደቡ ሥር፦ የጠየቅነው አንድ ክፍል ብቻ ነው፣ ለሌላው አይናገርም። የጠየቅነው አንድ ቀን፣ ያውም ዓርብ ነው። አምስት ተማሪዎች ቀርተዋል፤ እነሱ በልተው ይሁን ሳይበሉ አናውቅም። ሦስት ጻፍንና ቆምን።

እስከዚያ የማርከሩን ክዳን ስትከፍትና ስትዘጋ የቆየችው መሪዋ፣ “አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ነው የሞላነው” አለች። “ጎን ያለው ያያል። እውነቱን መጻፍ ያልቻለ ሊኖር ይችላል።”

“አራተኛ አድርጊው” አልኳት። ጻፈችው።

ማክሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያቀረበችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ድምር አሳየች፣ ምን እንደተሳሳትን ተናገረች፣ ሁለቱን ክምር እንዴት እንደለየን አስረዳች። አንዲት እናት፣ “በሃምሳው? ጾም?” ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ወፍራም ነው። ተነሡ።

“ጎበዝ ልጄ። እንግዲህ እነዚህን ዘጠኙን ስማቸውን ስጡን። እኛ ጠርተን እናያቸዋለን። ለዘጠኝ ሰው ዳቦ ምን አላት!”

ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። የክፍል መምህርቷ እኔ ነኝ፤ ጽሑፋቸውን አውቃለሁ ተብሎ ይታሰባል። አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ቀደመችኝ።

“ስም አላጻፍንም፣ አባባ። እነማን እንደሆኑ አናውቅም። አምስተኛው ገደባችን ይኸ ነው።”

ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ገደብ አራት ብቻ ነበር።

ሰውየው ዓምዶቹን እንደገና አዩ። “ታዲያ ይህን መምህርቷ ከጽሑፋቸው አይለዩትም?” አሉ።

“አልለይም” አልኩ። በመምህርነቴ የተናገርኩት ትልቁ ውሸት ይመስለኛል። አይጸጽተኝም።

ጥቂት አጉረመረሙ። አንዱ፣ “ስም ሳይታወቅ ለማን ይሰጣል?” አለ። አንዱ፣ “በአንድ ዓርብ ተነሥተን?” አለ፤ ልክ ነበር፣ እኛም ጽፈነዋል። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ “ስም ከሌለ ለሁሉም ነዋ!” አሉ። “ለዚህ ክፍል አንድ ወር እንሞክር። እናንተም ሌላ ቀን ለየብቻ አስቀምጣችሁ እንደገና ጠይቁ።”

ሐሙስ ጠዋት ዳቦው በኬሻ መጣ። የምታድለው እሷ ናት፤ ለእያንዳንዱ ዴስክ ሦስት ሦስት። ለሥጋ ነጋዴው ልጅ፣ ለቀልደኛው፣ ለራሷ። ራሷ ለራሷ ስታስቀምጥ ማንም አላያት፤ ሁሉም እያኘኩ ነበር። ጨርሳ ጠረጴዛዬ ጋ መጣችና አንድ ዳቦ አኖረች።

“እኔ እንኳ...” ብዬ ጀመርኩ። ያው “ጾም ነኝ” አፌ ላይ ደርሷል።

“ለሁሉም ነው ተብሏል ቲቸር” አለች።

ቆማ ጠበቀች። የራሴን ዓርብ እንዳወቀችብኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ዳቦውን ቆረስኩ። ገና ይሞቅ ነበር። እስክውጠው ድረስ ከፊቴ አልሄደችም።