አፈር ስሆን፣ ብላ

ዘይቱናን ያወቅኳት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከፋርማሲ በላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። እሷ የአረብ ፊልሞችን ወደ አማርኛ ትተረጉማለች፤ እኔ ደግሞ ጽሑፉ ከስክሪኑ ሥር መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚጠፋ አስተካክላለሁ። አረብኛውን የለመደችው ቤሩት ሰው ቤት ስትሠራ፣ አንዲት አሮጊት እያስታመመች ነው። አሮጊቷ ከአልጋዋ ሳትወርድ ቀኑን ሙሉ ፊልም ታያለች፤ ዘይቱናም መድኃኒት እየሰጠች አብራ ታያለች። ስለዚህ አረብኛዋ ሰው ሲታመም፣ ሲኮራረፍና ሲታረቅ የሚነጋገርበት አረብኛ ነው።

የጽሑፉ ሕግ ከአዲስ አበባ፣ ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጣ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይፈቀድም። ለአንድ ሰከንድ ንግግር አሥራ ሁለት ፊደል ይሰጠናል፣ ክፍት ቦታውም ነጥቡም ተቆጥሮ። ካለፈ ኮምፒውተሩ መስመሩን ያቀላዋል። ሕጉን አልጠላውም፤ ሰው እያነበበ የተዋናዩን ፊትም ማየት አለበት። የምጠላው ኪዳኑን ነው።

ኪዳኑ የስቱዲዮው ባለቤት ነው፤ የመጨረሻውን እርማት የሚያደርገውም እሱ ነው። ቀይ መስመር ባየ ቁጥር ጣቱ ወደ ቁልምጫውና ወደ መሐላው ይሮጣል። «የኔ ዓለም» ይጠፋል፣ «ወላሂ» ይጠፋል፣ «ልጄ» ይጠፋል። መረጃ የላቸውም ይላል። እናት ለታመመ ልጇ የምትለውን የባንክ ማስታወቂያ አስመስሎት ቁጭ ይላል። ቦታ ሲተርፈው ደግሞ ይብስበታል፤ ተመልካቹ አይገባውም ብሎ ማብራሪያ ይጎስርበታል። እሱ ያረመውን ፋይል ስከፍት ሌላ ሰው ያላመጠው ጉርሻ አፌ ውስጥ የገባ ያህል ይቀፈኛል።

ዘይቱና የምትጀምረው ከምስሉ ነው። ዓይን ያየውን ቃል አይድገመው ባይ ናት። በሩ ሲዘጋ እየታየ «በሩን ዘጋሁት» ብሎ መጻፍ ለእሷ ብክነት ነው፤ እሱን ታወጣና በቦታው ቁልምጫውን ታስቀምጣለች። ሲጠባት እኔ ከንግግሩ ቀጥሎ ካለው ዝምታ ትንሽ እወስድላታለሁ፤ ተዋናዩ ዝም ካለ በኋላም ጽሑፉ ጥቂት ይቆያል። ብዙውን መስመር ያዳንነው እንዲህ እየተጋገዝን ነው።

ይህን ሁሉ የምትለፋው ለተመልካቹ ብቻ አልነበረም። አባቷ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ጆሯቸው አይሰማም። እሷ ቤሩት ሳለች ነው የደነቆሩት፤ ስትመለስ ድምጿን ሳይሰሙ ተቀበሏት። በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙት ተከታታይ ድራማዎች ለእሳቸው የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ናቸውና፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት ፊታቸውን ያዞራሉ። ፊደል ግን በመሠረተ ትምህርት ቆጥረዋል። ዘይቱና የጻፈችውን በስልኳ ታሳያቸዋለች፤ ሳይጨርሱት ከጠፋ ታሳጥረዋለች። አንድ ፊልም፣ አንዱን ብቻ፣ እንደሚሰማ ሰው ከነስሜቱ እንዲያዩላት ነበር ምኞቷ።

ያ ፊልም መጣ። ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ አርጅቶ ይመለስና በር ላይ ይቆማል። ሚስትየው አትጮህም፣ አታለቅስም። ሳህን ታቀርብለታለች። ምግቡ ቀዘቀዘ፣ ብላ ትለውና መጨረሻ ላይ የቤሩት ሰዎች ለሚወዱት ሰው የሚሉትን ትጨምራለች፤ አንተው ቅበረኝ፣ ካንተ በፊት ልሙት እንደማለት ነው። ዘይቱና ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«ደምለው፣ ይኼ እኮ የኛው ነው» አለችኝ።

ንግግሩ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው፤ አሥራ ስምንት ፊደል። «ወጡ ቀዘቀዘ፣ ብላ፣ አፈር ስሆን።» ብላ ስትጽፍ ቀላ። ከዝምታው ልውሰድልሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። ሴትየዋ ተናግራ ስትጨርስ የባልየው ፊት ስክሪኑን ይሞላዋል፤ እዚያ ፊት ላይ ጽሑፍ እንዲንጠለጠል አልፈለገችም። ስለዚህ ወጡን አወጣችው፤ የቀዘቀዘ ወጥ ሳህኑ ላይ ይታያል። የቀረው «አፈር ስሆን፣ ብላ።» ነበር፣ አሥራ ሁለት ፊደል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ይቅርታው ግን እዚያው አለ። ይህን መስመር ለአባቷ አላሳየቻቸውም፤ ከፊልሙ ጋር እንዲያገኙት አስቀመጠችላቸው።

ፊልሙ በቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት ኪዳኑ ኮምቦልቻ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ እንግዳ ጠራ። እኛ ጋሽ ዘይኑልአቢዲንን ይዘን በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድን። ነጭ ኩታቸውን ለብሰው ነበር። ለሰርግ እንደተጠራ ሰው ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ ሲጀመር እያነበቡ፣ ቀና እያሉ ፊት እያዩ ተከተሉት። ሰው ሲስቅ እሳቸውም እኩል ሳቁ። ዘይቱና ከፊልሙ ይልቅ የምታየው እሳቸውን ነበር።

ከዚያ ሰውየው በር ላይ ቆመ። ሚስትየው ሳህኑን አቀረበች፤ ከሥሯም ይህ ወጣ፦

«ይቅር አልኩህ፣ እወድሃለሁ።»

አሥራ ሰባት ፊደል። ኮምፒውተሩ የሚያቀላው ፊደል ሲበዛ እንጂ ነውር ሲበዛ አይደለም። አዳራሹ አጨበጨበ። ይኼ ነው እስካሁን የሚያንገሸግሸኝ፤ አጨበጨበ። ኪዳኑ ከኋላችን ጎንበስ ብሎ ስድስት ፊደል ባዶ ሲሄድ ዝም ብሎ ማየት እንዳልቻለ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንደገባው ነገረን። ፈገግታው ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ነበር። መምታት አማረኝ።

ጭብጨባውን የማይሰሙት ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸውን መመጠን ስለማይችሉ አዳራሹ ሁሉ ሰማቸው።

«ዘይቱና፣ አልታረቁም እንዴ?»

እሳቸው ቀጠሉ። «ፊቷ ሌላ ነው የሚናገረው። አፏ ላይ ሰው የራሱን ቃል ጨምሮባታል።»

ዘይቱና ተነሥታ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች፤ ከንፈሯን እንዲያዩ አገጯን ቀና አድርጋ ቀስ ብላ አለችላቸው። «አፈር ስሆን፣ ብላ።» አባቷ ከንፈሯን አነበቡ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ፤ እንባቸው ኩታቸው ላይ ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ታርቀዋል።»

ዘይቱና እዚያው እንደተንበረከከች ወደ ኪዳኑ ዞራ ስሟን ከፊልሙ ላይ እንዲያወጣ ነገረችው። አልተከራከራትም፤ እንደፈለግሽ አላት። በማግሥቱ ተርጓሚ በሚለው ሥር የራሱን ስም ጻፈበት። ትንሽ እንኳ አላፈረም። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሰጥቷት አያውቅም፤ እኔም ስቱዲዮው ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ አየር መሳብ አስጠልቶኝ ወጣሁ።

ፊልሙ በቴሌቪዥን የታየ ቀን ደሴ እነሱ ቤት ነበርኩ። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሰውየው በር ላይ ሲቆም ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ተነሡ። ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና የቴሌቪዥኑን የታችኛውን ጠርዝ፣ ጽሑፉ የሚወጣበትን፣ ሸፍነው በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳህኑ ታየ፣ የሴትየዋ ፊት ታየ፣ ከዚያ የባልየው። ቡዜ የምትባለው ጎረቤታቸው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ምን አለችው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።