ግፊት የሚቀንሰው እቃ

እትዬ የሺሃረግን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል እዋሻለሁ። ካራ ሰፈር ውስጥ አንድ አጥር ተጋርተን ስድስት ዓመት ብንኖርም፣ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ከሰላምታ አላልፍም ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ መሆናቸውን አውቃለሁ። ደሴ ያለችው ልጃቸው ሳምራ ሁለት ጊዜ ስትወልድ አንዴም እንዳልሄዱም አውቃለሁ። ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "አትክልቱን ማን ያጠጣልኛል?"

ባለፈው ዓርብ ግን ይህ ምክንያት ሊያልቅባቸው ሆነ። ሳምራ ለቅዳሜ የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣ ልካለች። የቧንቧ ሠራተኛው ገላና ደግሞ የጠብታ መስኖ ሊዘረጋላቸው መጣ። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ፣ ማክሰኞና ዓርብ ለጥቂት ሰዓት ነው። ቧንቧው ተከፍቶ ከተተወ፣ ውሃው በመጣ ቁጥር ቆስጣውና ሰላጣው ሰው ሳያስፈልገው ይጠጣል።

እኔም ጎማ ልያዝ ብዬ ገባሁ። ጓሮው ተዳፋት ነው። ገላና ዋናውን ቱቦ ከላይ ወደ ታች አወረደ፤ ጠብታ የሚያወጡትን ቀጫጭን ጎማዎች ግን ቁልቁለቱን አቋርጠው በየመደቡ እንዲተኙ አደረጋቸው።

"ቁልቁል ብለቃቸው የታችኛው ቆስጣ ይሰክራል፣ የላይኛው ይጾማል" አለ።

ከቧንቧው ቀጥሎ ማጣሪያ ገጠመ። ከማጣሪያው ቀጥሎ ሌላ ትንሽ እቃ ሲያስገባ እትዬ ጠጋ አሉ።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ግፊት መቀነሻ።"

"መቀነሻ? አንተ ልጅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ግፊት ስንለምን ኖረን አሁን የሚቀንስ ታመጣልናለህ?"

"እትዬ፣ ጎማዎቹ ስስ ናቸው፤ አይችሉትም።"

"ይልመዱት። አውጣው።"

ገላና ወደ እኔ አየ። የእትዬ ነገር አሳማኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እየሳቀ አወጣው።

አራት ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሰው አነጠሰ። ወዲያው አንዱ ጎማ ከመጋጠሚያው ተፈትልኮ ገላናን ጀርባውን ገረፈው። ሁለተኛው አጥሩ ላይ ወጣ። ሦስተኛውን ልይዝ ስል ውሃው አፌን ሞላው። እትዬ በነጠላቸው ሊያፍኑት እየሮጡ አዳልጧቸው ሰላጣው መሃል ቁጭ አሉ፤ እዚያው ሆነው እስኪያነቡ ሳቁ።

ገላና ቧንቧውን ዘጋ። "ከለመዱት በኋላ ልመለስ?"

"አስገባው፣ አስገባው" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

መቀነሻውን የቀስት ምልክቱ ወደ አትክልቱ እንዲያመለክት አድርጎ ገጠመ፤ ጎማዎቹን መለሰ። ጫፎቻቸውን ክፍት ትቶ ውሃውን ሲለቅ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። ሲጠራ ጫፎቹን አጥፎ አሰረ፣ ማጣሪያውንም ፈትቶ አጠበ። እንደገና ሲከፍት ምንም የሚጮህ ነገር አልነበረም። ሦስታችንም እንደ ሕፃን ቁጢጥ ብለን አየን፦ ጠብ፣ ጠብ፣ የላዩም የታቹም እኩል። እትዬ በጣታቸው አንዷን ጠብታ ተቀብለው ገላና ግንባር ላይ ቀቧት፤ ሳቃችን እንደገና ፈነዳ።

"እንግዲህ ነገ በጠዋት ላምበረት አውቶቡስ ተራ ነዎት" አላቸው ገላና።

ርሼ ስለነበር ነው መሰለኝ ድፍረት አገኘሁ። "እትዬ፣ እስከ ዛሬ ያስቀረዎት አትክልቱ ብቻ ነበር?"

ነጠላቸውን ቀስ ብለው ጨመቁት።

"እሱን ተወው" አሉኝ። "ይልቅ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ ታወርድልኛለህ?"